መጀመሪያ ቮልቴጁን ቀንሺ፣ ከዚያ ዋቱን ገድቢ

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? ኮምቦልቻ ሆኜ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ላፕቶፔ i7-9750H ነው። ሬንደር ስጀምር ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ኪቦርዱ እጅ ያቃጥላል፣ ሙቀቱ 97 ዲግሪ ይላል። አስጠርጌ ፔስት አስቀይሬያለሁ፣ ለውጡ ትንሽ ነው። ቮልቴጅ መቀነስ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ፍጥነቱ ሳይቀንስብኝ ማድረግ እችላለሁ? እንዳላበላሸው ፈርቻለሁ።»

አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። የያዝሽው ፕሮሰሰር እንዲያውም ለዚህ ስራ በጣም ከሚመቹት አንዱ ነው። እዚህ ደሴ ብዙ ፎቶ ቤቶች ይሄንኑ ፕሮሰሰር ስለሚጠቀሙ በእጄ ያለፉት ጥቂት አይደሉም።

ስለ ፍርሃትሽ መጀመሪያ ልናገር። ቮልቴጅ መቀነስ ፕሮሰሰሩን አያቃጥልም። የሚያቃጥለው መጨመር ነው። ከልክ በላይ ከቀነስሽ ማሽኑ ይደርቃል ወይም ብሉ ስክሪን ያመጣል፣ አጥፍተሽ ስታበሪው ወደ ፋብሪካው ቮልቴጅ ይመለሳል። ስለዚህ ማሽኑ አይሞትም። አደጋው ያለው ስራሽ ላይ ነው፣ ያልተቀመጠ ፕሮጀክት ይጠፋል፣ ሬንደር እየተደረገ ያለ ፋይል ይበላሻል። እሱን ወደ ታች በደንብ እመለስበታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያወራል። አንዱ ቮልቴጁን መቀነስ ነው። ሌላው ፕሮሰሰሩ የሚበላውን ዋት መገደብ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይሰራና ሬንደር ሲጀምር ፋኑ እንደበፊቱ ሲጮህበት «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ውሸት አይደለም፣ ስራው ግማሽ ላይ ስለቀረ ነው።

ለምን ግማሽ እንደሆነ ላስረዳሽ። ፕሮሰሰርሽ በሬንደር ጊዜ የሚሮጠው አንድ የተወሰነ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ነው። ግድግዳው ወይ የዋት ገደቡ ነው ወይ ሙቀቱ። ያንቺ ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ የ45 ዋት ነው። ስድስቱም ኮሮች ሙሉ ስራ ላይ ሲሆኑ እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ መድረስ ይችላል፣ ግን ለዚያ ከ45 ዋት በጣም የበለጠ ይፈልጋል። ስለዚህ 45 ዋት እስኪሞላ ይሮጥና እዚያው ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ 3.0 ወይም 3.1 ጊጋኸርዝ አካባቢ። አሁን ቮልቴጁን ብቻ ቀነስሽለት እንበል። በዚያው 3.1 ጊጋኸርዝ 35 ዋት ብቻ ይበቃዋል። ታዲያ የተረፈውን 10 ዋት ያስቀምጠዋል? አያስቀምጠውም። ገደቡ አሁንም 45 ስለሆነ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ 45 ዋቱን ይሞላዋል። 45 ዋት ደግሞ 45 ዋት ነው፣ ሙቀቱ ያው፣ ጩኸቱም ያው። ያገኘሽው ትርፍ ፍጥነት ብቻ ነው። ጸጥታ ከፈለግሽ ያንን ትርፍ በዋት ገደብ መልሰሽ መውሰድ አለብሽ።

ለመሆኑ ትንሽ ቮልቴጅ መቀነስ ይሄን ያህል የሚያተርፈው ለምንድነው? ፕሮሰሰር ሲሰራ የሚበላው ዋት ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በካሬ ነው። ቮልቴጁ ከ1.1 ወደ 1.0 ቢወርድ 1.1 ሲባዛ በ1.1፣ 1.21 ነው። 1.0 በ1.0 ያው 1.0 ነው። ፍጥነቱ ምንም ሳይነካ ከሚበላው 17 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ፋብሪካው ይሄን ሁሉ ለምን አላደረገውም ትይኝ ይሆናል። ከአንድ መስመር የሚወጡ ቺፖች እኩል አይደሉም። አንዱ በትንሽ ቮልቴጅ ይረጋጋል፣ ሌላው አይረጋጋም። ፋብሪካው ደካማውም እንዲሰራ፣ ከዓመታት በኋላም እንዲሰራ ብሎ ለሁሉም ተጨማሪ ይሰጣል። አንቺ የምትወስጂው ያንን ተጨማሪ ነው፣ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቺፕ የራሱ እጣ አለው። ለዚህ ነው የሌላ ሰው ቁጥር ገልብጠሽ እንዳታስገቢ የምለው።

ስለ ቦታችንም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለማያስበው። «ደሴ ብርድ ነው፣ ላፕቶፕ እዚህ አይሞቅም» ይላሉ። ብርዱ እውነት ነው፣ ግን ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፋን ሙቀት የሚያወጣው አየር ገፍቶ ነው፣ አየሩ ስስ ከሆነ በዚያው ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ያንቺዋ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ነው፣ በዚያ ላይ ሙቀቷን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በኢንተርኔት አንዱ «የኔ ተመሳሳይ ላፕቶፕ 85 ዲግሪ ነው» ሲል አትደንግጪ። እሱ ምናልባት ባህር ዳርቻ ላይ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ከመጀመርሽ በፊት አሁን ያለውን ለኪ። HWiNFO64 አውርጂና Sensors የሚለውን ክፈቺ። የምትፈልጊው ሶስት ነገር ብቻ ነው፣ የሙቀቱን፣ የኮሮቹን ፍጥነት እና CPU Package Power የሚለውን። ከዚያ አንድ የአስር ደቂቃ አካባቢ ሬንደር ምረጪ፣ ሁልጊዜ ያንኑ ፕሮጀክት፣ በዚያው ሴቲንግ። ሬንደሩ በፕሮሰሰሩ የሚሰራ ይሁን። በግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር ከሆነ የፕሮሰሰሩን ለውጥ በደንብ አያሳይሽም። ጊዜውን በስልክሽ ያዢና ወረቀት ላይ ጻፊ። ይሄ ካልተጻፈ በኋላ «የተሻለ ይመስለኛል» እንጂ ሌላ የምትይው አይኖርም።

ቮልቴጁን የምትቀንሺበት ፕሮግራም ThrottleStop ይባላል፣ ነጻ ነው። ክፈቺና FIVR የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ። እዚህ ጋ ቆም በይ። መስኮቱ ላይ Locked የሚል ካየሽ ቮልቴጁ ተቆልፏል፣ ተንሸራታቹን ብታንቀሳቅሺውም ምንም አይሆንም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በታህሳስ ወር 2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት የሚባል ጥቃት ይፋ አደረጉ። ሶፍትዌር ቮልቴጁን ሆን ብሎ እያዛባ በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ የተጠበቀ ሚስጥር ማውጣት እንደሚችል አሳዩ። ከዚያ በኋላ የላፕቶፕ አምራቾች ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በባዮስ አፕዴት፣ ቮልቴጅ መቀየሪያውን መቆለፍ ጀመሩ። ስለዚህ ያንቺ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ በባዮሱ ይወሰናል።

ተቆልፎ ካገኘሽው «ባዮሱን ወደ ድሮው መልሰው» የሚሉሽ አይጠፉም። እኔ አልመክርሽም። አንደኛ፣ ብዙ ማሽኖች ወደ ኋላ አይመለሱም። ሁለተኛ፣ ባዮስ ሲጻፍ መሃል ላይ ማሽኑ ከጠፋ ላፕቶፑ ጭራሽ አይነሳም፣ የኛ አካባቢ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ባትሪሽም ያረጀ ከሆነ የሚይዝልሽ ነገር የለም። እንዲህ ሆኖ የመጣ ማሽን አይቻለሁ፣ ቺፑን ነቅሎ በመጻፊያ መሳሪያ መመለስ ነበረብኝ። ለአስር ዲግሪ ሙቀት ብሎ ይሄን መድፈር ዋጋ የለውም። ቮልቴጁ ተቆልፎም የዋት ገደቡ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፣ እሱ ብቻውን ምን እንደሚያደርግልሽ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

Locked ባይልም ቁጥሩን ስትቀይሪ ምንም ካልተለወጠ የዊንዶውሱን Core isolation እዪ። Memory integrity የሚለው በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ለውጡን ሊከለክል ይችላል። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን የደህንነት ጥበቃ ነው፣ በነጻ አይደለም የምታጠፊው። ከየሰዉ ፍላሽ የምትቀበይ ከሆነ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሰራ ሰው ደግሞ ይቀበላል፣ እኔ አብርተሽ ተይው እላለሁ፣ የዋት ገደቡ ብቻ ይብቃሽ።

ክፍት ከሆነ እንዲህ ቀጥዪ። FIVR ውስጥ CPU Core ምረጪ፣ Unlock Adjustable Voltage ላይ ምልክት አድርጊ፣ Offset Voltage የሚለውን -50 ሚሊቮልት አድርጊ። ከዚያ CPU Cache ምረጪና እዚያም -50 አድርጊ። ይሄን አትርሺ። በዚህ ትውልድ ፕሮሰሰር ኮሩና ካሹ ቮልቴጁን ከአንድ መስመር ነው የሚያገኙት፣ አንዱን ብቻ ብትቀንሺ ሌላው ከላይ ይይዘዋልና ለውጥ አታይም። ብዙ ሰው «አልሰራልኝም» የሚለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። Apply በይ። ስትወጪ OK - Do not save voltages የሚለው ይመረጥ። የሙከራ ቁጥር እንዳይቀመጥ ነው፣ ማሽኑ ቢወድቅ ሲነሳ ንጹህ ሆኖ ይነሳል።

ከ50 በኋላ 80፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ በ10 በ10 ውረጂ። በየደረጃው ሬንደሩን ሞክሪ። ብዙ 9750H ማሽኖች ከ100 እስከ 130 መሃል ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ፣ 80 ላይ እምቢ ያለኝም አለ።

አሁን ወደ ስህተቱ፣ ያሳመመኝን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ማሽን አስተካክዬ ሰጠሁ። 140 ሚሊቮልት ቀነስኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጭነት ሰጠሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ደስ ብሎት ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሬንደር ላይ ሳይሆን ብሮውዘር ከፍቶ ቁጭ ባለበት ይደርቅበታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ አንድ የጨረሰው ቪዲዮ ላይ፣ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ ባለችበት ቦታ፣ አረንጓዴ ካሬዎች ለሁለት ሰከንድ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ማሽኑ አልወደቀም፣ ስህተት አለ ብሎም አልተናገረም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ነገር ጽፎ ጨረሰ። ደግነቱ ጥሬው ቪዲዮ ስለነበር በድጋሚ ሬንደር ተደረገ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይሄ ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሙከራ አይበቃም ነበር።

ለምን ቀላል ስራ ላይ ወደቀ? ሙሉ ጭነት ላይ ፕሮሰሰሩ በዋት ገደብ ታፍኖ 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሮጠው። ብሮውዘር ስትከፍቺ ግን አንድ ኮር ብቻ ለቅጽበት እስከ 4.5 ጊጋኸርዝ ይዘላል። እዚያ ፍጥነት ላይ ብዙ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል፣ አንቺ የቀነስሽው ያኔ ነው የሚያጥረው። ደግሞም ከእረፍት ወደ ስራ፣ ከስራ ወደ እረፍት በሚል ዝላይ ቮልቴጁ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሬንደሩን ካለፈ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሶስት ቀን ተራ ስራሽን ስሪበት። ፕሮጀክትሽን ቶሎ ቶሎ እያስቀመጥሽ፣ ኮፒውን በሌላ ዲስክ ይዘሽ።

በነዚያ ቀናት ማሽኑ ባይወድቅም ዊንዶውስ የሚጽፈው ማስታወሻ አለ። ፕሮሰሰሩ ስህተት አግኝቶ ራሱ ሲያርመው WHEA-Logger በሚባል ስም ይመዘግበዋል። PowerShell ከፍተሽ ይሄን አስገቢ፦

```
Get-WinEvent -FilterHashtable @{LogName='System'; ProviderName='Microsoft-Windows-WHEA-Logger'} -MaxEvents 10
```

No events were found የሚል ቀይ ጽሁፍ ከመጣ ቀይ ስለሆነ አትደንግጪ፣ ጥሩ ዜና ነው፣ ምንም አልተመዘገበም ማለት ነው። ቮልቴጁን ከቀነስሽ በኋላ ያለ ቀን ይዞ አንድ እንኳን ከመጣ ግን ልክ እንዳለፍሽ ቁጠሪው። ብሉ ስክሪን ከመጣ WHEA_UNCORRECTABLE_ERROR ወይም CLOCK_WATCHDOG_TIMEOUT የሚሉት ከቮልቴጅ ማነስ ጋር አብረው ከሚመጡት ናቸው። ስህተት ያሳየሽን ቁጥር ከያዝሽ በኋላ 20 ሚሊቮልት ተመለሺ። 130 ላይ ስህተት ከተመዘገበ ማረፊያሽ 110 ነው። ክፍል ሲሞቅ፣ ማሽኑ ሲያረጅ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሚጨምር ያ 20 ለዚያ ነው።

አሁን ሁለተኛው ግማሽ፣ ዋቱ። ThrottleStop ውስጥ TPL የሚለውን ክፈቺ። ሁለት ቁጥር ታያለሽ። Long Power PL1 ማለት ፕሮሰሰሩ ለረጅም ጊዜ እንዲበላ የተፈቀደለት ዋት ነው። Short Power PL2 ማለት ደግሞ ለአጭር ጊዜ፣ ብዙ ማሽን ላይ ለ28 ሰከንድ አካባቢ፣ ከዚያ በላይ እንዲዘል የተፈቀደለት ነው። ያንቺ ላፕቶፕ PL1 45 ሆኖ PL2 80 ወይም 90 ሆኖ ብታገኚው አይግረምሽ።

የምታማርሪው ጩኸት ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ከPL2 ነው። አስቢው፣ አንድ ትልቅ ፎልደር ስትከፍቺ ወይም ፕሮጀክት ሲጫን ፕሮሰሰሩ ለጥቂት ሰከንድ 80 ዋት ይበላል፣ ሙቀቱ በቅጽበት 95 ይደርሳል፣ ፋኑን የሚያዘው ክፍል ይሄን አይቶ ፋኑን ወደ ላይ ያስነሳል፣ ስራው ግን በአምስት ሰከንድ አልቋል። ፋኑ ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል። እንዲህ እየተነሳ እየወረደ ነው ቀኑን ሙሉ የሚያደክምሽ። 97 ዲግሪውም ያው ከዚህ ነው፣ ይሄ ፕሮሰሰር 100 ላይ ራሱን ማፈን ስለሚጀምር ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ PL2ን ያለ ርህራሄ አውርጂው። PL1ን ደግሞ ቮልቴጁ ባተረፈልሽ ልክ። ባለፈው የመጣልኝን፣ ያንቺን የመሰለ ማሽን ቁጥሩን ላሳይሽ። ክፍሉ 22 ዲግሪ ነበር፣ ደሴ ነው።

እንደመጣ፣ ምንም ሳይነካ፦ PL1 45፣ PL2 90። ሬንደሩ ሲጀምር 97 ዲግሪ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ 45 ዋት ላይ ወርዶ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ 88 ዲግሪ። ፋኑ መጨረሻ ላይ። ጊዜው 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

ቮልቴጁ 110 ተቀንሶ ዋቱ ሳይነካ፦ 45 ዋት፣ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ 88 ዲግሪ። ፋኑ እዚያው መጨረሻ ላይ። ጊዜው 10 ደቂቃ ከ40። አየሽው? አንድ ደቂቃ ተገኘ፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው።

ቮልቴጁ 110 ተቀንሶ PL1 35፣ PL2 45፦ ከ3.1 ትንሽ በለጥ፣ 76 ዲግሪ። ፋኑ ወርዶ የማያቋርጥ ለስላሳ ድምጽ፣ ጎን ያለ ሰው ሊያወራ ይችላል። ጊዜው 11 ደቂቃ ከ50።

12 ዲግሪ ወረደ፣ ጩኸቱ ሄደ፣ የጠፋው 10 ሰከንድ ነው። ያ 10 ሰከንድም የመጣው ከመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ዝላይ መቅረት ነው። ባለቤቱ ማሽኑን ሲወስድ እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ «በርቷል?» ነው ያለኝ።

ቮልቴጁ ለተቆለፈበት ሰውም ሶስተኛውን መንገድ ሞክሬዋለሁ። ዋቱን ብቻ ወደ 35 ብታወርጂው ፍጥነቱ ወደ 2.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይወርዳል። ሬንደሩ ምናልባት አንድ ደቂቃ ይረዝማል። ዋቱ ግን ከ22 በመቶ በላይ ነው የቀነሰው። ከላይ ያለው ፍጥነት ውድ ነው፣ የመጨረሻዎቹ 300 ሜጋኸርዞች ከስራቸው በላይ ይበላሉ። ስለዚህ የተቆለፈበት ሰው እንኳን PL2ን 50 አድርጎ፣ PL1ን 40 ቢያደርግ ብዙ ይጠቀማል፣ ፍጥነት ላይ ብዙም አይሰማውም።

አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ PL1ን 35 ብለሽ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ 45 ሆኖ ታገኚዋለሽ። የማሽኑ የራሱ ሶፍትዌር ነው የሚመልሰው፣ ያ አብሮት የመጣው የአፈጻጸም ሞድ መቀየሪያ። እሱን መጀመሪያ ጸጥተኛው ሞድ ላይ አድርጊና እንደገና ሞክሪ። ገደቡ በርግጥ እየሰራ መሆኑን ለማወቅ ThrottleStop ውስጥ Limits የሚለውን ክፈቺ። ሬንደር ላይ PL1 ቀይ ከሆነ የያዘው ያንቺ ገደብ ነው፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። THERMAL ቀይ ከሆነ ግን አሁንም ሙቀት ነው የያዘው። 35 ዋት ላይ ሙቀት ከያዘው ጉዳዩ ከቮልቴጅ ውጭ ነው። ወይ ፔስቱ በደንብ አልተቀባም፣ ወይ የሙቀት ማውጫው ብሎኖች እኩል አልጠበቁም፣ ወይ ፋኑና ክንፎቹ መሃል የአቧራ ጨርቅ ተጋግሮ ቀርቷል። በተለይ ይሄ የመጨረሻው። ብዙ ቦታ ፋኑን ብቻ በብሩሽ ጠርገው ይመልሳሉ፣ ፋኑ ተነስቶ ከኋላው ያለው ካልታየ አልተጠረገም። የኮምቦልቻ መንገድ አቧራ ደግሞ ስድስት ወር አይፈጅበትም።

ፕሮግራም መጫን የማትፈልጊ ከሆነ ዊንዶውስ ብቻውን ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ መዝለሉን፣ ሊያጠፋ ይችላል፦

```
powercfg /setacvalueindex scheme_current sub_processor PROCTHROTTLEMAX 99
powercfg /setactive scheme_current
```

ይሄ ቻርጀር ላይ ስትሆኚ ፕሮሰሰሩን 2.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያስቆመዋል። በጣም ጸጥ ይላል፣ ግን ለሬንደር ያዘገይሻል፣ ብሮውዘሩም ትንሽ ይከብዳል። ለመመለስ 99 የሚለውን 100 አድርጊው። እኔ ይሄን የምመክረው ለጽሁፍና ለኤክሴል ስራ ነው፣ ለአንቺ አይሆንም።

ግራፊክስ ካርድሽ ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሙቀት ቱቦ ይጋራል፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሲበርድ እሱም ይተነፍሳል። መጀመሪያ ይሄን ጨርሺ፣ ካርዱን ለብቻው እናየዋለን። ሁለቱን አንድ ላይ ከነካሽ ማሽኑ ሲወድቅ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ሁሉም ካለፈና ሶስት ቀን ንጹህ ከሆነ ብቻ FIVR ውስጥ OK - Save voltages immediately የሚለውን መርጠሽ አስቀምጪ። ThrottleStop ዊንዶውስ ሲነሳ እንዲነሳ በTask Scheduler አድርጊው፣ ግን የአንድ ደቂቃ መዘግየት ስጪው። አንድ ቀን ቁጥሩ አልስማማ ቢል ከመጫኑ በፊት ገብተሽ የምታስቆሚበት ጊዜ ይኖርሻል። ላፕቶፑን ከእንቅልፍ ስታነሺው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ቮልቴጁ ወደ ፋብሪካው ስለሚመለስ FIVR ውስጥ ገብተሽ አንቺ ያስቀመጥሽው ቁጥር መሆኑን አንዴ እዪ።

ይሄን ሙከራ ጥር ውስጥ፣ ሰርግ ተደራርቦ እያለ አትጀምሪው። አሁን ስራ ቀለል ባለበት ጊዜ ጀምሪና ያገኘሻቸውን ሶስት ቁጥሮች፣ ዋቱን፣ ሙቀቱንና ጊዜውን፣ በፊትና በኋላ አድርገሽ ጻፊልኝ። FIVR ላይ Locked ካለሽም የላፕቶፑን ሞዴልና የባዮሱን ቨርዥን ጨምሪበት፣ በዋት ብቻ የት ድረስ እንደሚወርድ አብረን እናያለን።